«ዳኛዋ መነጽራቸውን ሰጧቸው» ሲባል መነጽሩ የማን ነው?

ቀለም፦ ጤና ይስጥልኝ። የችሎት ውሎ ስጽፍ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ፤ «ዳኛዋ ለምስክሩ መነጽራቸውን ሰጧቸው» ይላል። ዳኛዋን በአንቱታ ነው የምጽፋቸው፤ ምስክሩም በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ እንደዚያው። ባልደረባዬ አንብቦ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ «ዳኛዋ» አንድ ሰው፣ «ሰጧቸው» ብዙ ሰው ስለሆነ ቁጥሩ አይስማማም፤ ወይ «ሰጠቻቸው» ወይ «ዳኞቹ» በይ። ሁለተኛ፣ መነጽሩ የማን እንደሆነ አልገባኝም። የመጀመሪያውን አልተቀበልኩትም፤ ሁለተኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ብዕር፦ እህቴ፣ ባልደረባሽ ተሳስቷል። አንቱታ ሲመጣ ጾታም ቁጥርም ይጠፋል። «ዳኛው መጡ» ብትዪም «ዳኛዋ መጡ» ብትዪም ያው ነው።

ሐረግ፦ ግማሹ ልክ ነው። ጾታው የሚጠፋው ከግሡ ላይ ነው። «መጡ» ወንድ ይሁኑ ሴት አይናገርም። ስሙ ግን እንደነበረ ይቆያል፦ «ዳኛዋ» ውስጥ ያለችው «ዋ» አንዲት ሴት መሆናቸውን ትነግረናለች፣ አክብሮቱን ደግሞ ግሡ ይሸከማል። ቅጽሉም ከስሙ ጋር ነው የሚሄደው፤ «አዲሷ ዳኛ መጡ» እንላለን እንጂ «አዲሶቹ ዳኛ መጡ» የሚል የለም። በ2011 ሳህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ከሆኑ በኋላ «ፕሬዚዳንቷ ተናገሩ» ብለን ስንናገር ማንም ቁጥሩ ተዛባ አላለም።

ለጥርጣሬ ጊዜ አንድ መፈተኛ አለኝ፤ ከስሙ በፊት «እኚህ» አስገቡበት። «እኚህ ዳኛ መጡ» ካስኬደ የሚከበር አንድ ሰው ነው። ብዙ ከሆኑ «እነዚህ ዳኞች» ነው የሚሆነው። «መጡ» የማይለየውን «እኚህ» ይለያል።

ጥላ፦ እኔም ደርሶብኛል! የልጆቼን አስጠኚ በስልክ «መቼ ይመጣሉ?» ብዬ ስለ ልጆቹ ስጠይቃቸው «እኔ ነገ እመጣለሁ» አሉኝ። የቀለምም ጥያቄ ይኸው ነው አይደል?

ሐረግ፦ የእርስዎ ሌላ ነው፣ ግን ዘመዱ ነው። «እርስዎ ይመጣሉ» እና «እነሱ ይመጣሉ» ግሣቸው አንድ ነው። ባለቤትነት ላይ ሲደርሱ ግን ይለያያሉ፤ «ቤትዎ» እና «ቤታቸው» አይምታቱም። የቀለም ችግር የከፋ የሆነው «እሳቸው» እና «እነሱ» እዚያም ላይ ስለማይለያዩ ነው። «ቤታቸው» የእሱም፣ የእሷም፣ የእነሱም ሊሆን ይችላል።

እስቲ አንቱታውን ለጊዜው እናንሳው። «ዳኛዋ ለምስክሩ መነጽሯን ሰጠችው» ስንል መነጽሩ የዳኛዋ ነው። «መነጽሩን ሰጠችው» ስንል ደግሞ የምስክሩ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ቀድሞ የተወራለት አንድ መነጽር ነው። የሚለየን ጾታ ነው። አንቱታውን ስንመልስ «መነጽሯን» እና «መነጽሩን» ሁለቱም «መነጽራቸውን» ይሆናሉ፣ መለያው ጠፋ።

ቀለም፦ ታዲያ አንቱታውን ከአንዳቸው ላንሳ?

ሐረግ፦ አይነሳም። በማስተካከል ስም ግማሹን አንስተው ግማሹን መተው ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ያለ ረቂቅ ብዙ ይመጣልኛል፦ «ዳኛዋ ምስክሩን አስጠርተው ቃሉን ከሰሙ በኋላ አሰናበቷቸው»። «ቃሉን» ያለ ሰው «አሰናበቷቸው» ሲል አንባቢ ሌሎች ምስክሮች የት ነበሩ ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወይ «ቃሉን... አሰናበቱት»፣ ወይ «ቃላቸውን... አሰናበቷቸው» መሆን አለበት። በአንቱታ የተጀመረ ሰው እስከ መጨረሻው በአንቱታ ይሂድ።

ለመነጽሩ ግን ባለቤቱን በቃል መናገር ነው። የዳኛዋ ከሆነ «የራሳቸውን መነጽር»፣ የምስክሩ ከሆነ «የምስክሩን መነጽር»።

ቀለም፦ የዳኛዋ ነው። ምስክሩ ሰነዱን ማንበብ ሲያቅታቸው ከዓይናቸው አውልቀው ነው የሰጧቸው። እንዲህ ብጽፈውስ፦ «ዳኛዋ የራሳቸውን መነጽር አውልቀው ለምስክሩ ሰጧቸው»?

ብዕር፦ «አውልቀው» ካለ «የራሳቸውን» ትርፍ ነው። አውላቂዋ ዳኛዋ ስለሆኑ የሌላ ሰው መነጽር ሊሆን አይችልም። «ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ለምስክሩ ሰጧቸው» ይበቃል።

ሐረግ፦ ይህ ከእኔ ይሻላል። ግሡ ራሱ ባለቤቱን አሳየ።

ብዕር፦ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በዚሁ ጽሑፍ ተከሳሹስ? «ተከሳሹ ተናገረ» ወይስ «ተናገሩ»?

ቀለም፦ «ተናገረ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።

ብዕር፦ ምስክሩን በዕድሜያቸው ካከበርሽ ልክ ነሽ። ግን ገና ያልተፈረደበትን ሰው አንባቢ «እሱ» ሲባል ሲሰማ፣ ዕድሜውን ሳይሆን ጥፋቱን ነው የሚያስበው ብዬ እፈራለሁ።

ሐረግ፦ እኔ አልስማማም። ሃያ ሁለት ዓመት ልጅን «ተናገሩ» ብንል አንባቢ ተከሳሾቹ ስንት ናቸው ይላል።

ጥላ፦ «እኚህ ተከሳሽ» ብላችሁ ሞክሩት እስቲ። ለእኔ ጆሮ አልከበደኝም።