ሌሊት ላዳ ውስጥ የገባ ሁሉ ይሳቅበታል?

ጸደይ፦ አስቂኝ አጭር ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊት ላዳ የሚነዳ ሹፌር ነው። በየማታው ግራ የሚያጋቡ ተሳፋሪዎች ይገጥሙታል። በግ ይዞ የሚገባ አለ፣ ሰክሮ ቤቱ የጠፋበት አለ፣ ብቻውን የሚያወራ አለ። ጓደኛዬ አንብባ «በሰው ችግር ነው የምታስቂው» አለችኝ። እውነት ነውር ነው? ወይስ ቀልድ ቀልድ ነው? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የካዛንቺስ ልጅ፦ ቀልድ ቀልድ ነው በቃ። እኛ ሰፈር ሰካራሙ ራሱ ጠዋት ቡና ላይ የማታውን ሲያወራልህ ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነው። ሰው እንዳይከፋው እያልሽ ከቆረጥሽ የሚቀርሽ መኪናው ብቻ ነው። እንዲያውም አጋኚው። በጉ ላይ ጅብ ጨምሪበት፣ ከዳር ሰፈር ሌሊት ጅብ ይመጣ የለ? እየባሰ ሲሄድ ነው ሰው የሚስቀው።

የላዳው፦ እህቴ፣ እኔ ያልፈለግኩትን ሰው አልጭንም፣ ይሄ ክርክር አያስፈልገውም። እኔ ወዴት እንደሆነ ሳልጠይቅ በር አልከፍትም። ዳር ሰፈር ከሆነ ስመለስ ባዶዬን ነኝ፣ ስለዚህ የመልሱንም አስቤ ነው የምጠራው። ሰካራም ከሆነ ቅድሚያ ሒሳብ ነው። ክፉ ሆኜ አይደለም፣ ከኋላ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ማንን ትጠይቂያለሽ? አንዱን ኮንዶሚኒየም አደረስኩትና «ብሎክ ስንት?» ብለው «አራተኛ ፎቅ» ይለኛል። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ዘበኛውን ቀስቅሰን ሦስታችን በየደረጃው ስንዞር ቆየንና፣ መጨረሻ ላይ ሚስቱ በመስኮት «እዚህ ነው!» ብላ ጮኸች። ለካ አንደኛ ፎቅ ናቸው።

ጸደይ፦ ጋሼ፣ የጠየቅኩት ስለ ልብወለድ ነበር። ግን ይሄን ታሪክ ቢፈቅዱልኝ እወስደዋለሁ።

የላዳው፦ ውሰጂው። የሰውየውን ሰፈር ብቻ ቀይሪ።

አርታኢው፦ ብዙ ዓመት የሰው አጭር ልብወለድ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና ትንሽ ልበል። የካዛንቺሱ ልጅ «እየባሰ ይሂድ» ያለው ግማሹ ትክክል ነው። መባስ ያለበት ግን የሹፌሩ ጣጣ ነው እንጂ የተሳፋሪው እብደት አይደለም። በግ፣ ጅብ፣ ከዚያ ደግሞ ሙት መንፈስ ብለሽ ከደረደርሽ አንባቢ ሁለተኛው ላይ ይለምደዋል፣ ሦስተኛው ላይ ገጽ ይገለብጣል። አሁን ግን ጋሼ የላዳው ያወሩትን እይው። ሰካራሙ ላይ አንድ ቃል ስድብ የለም። ሰውየው የሚፈልገው ቤቱን ብቻ ነው። የሚያስቀው ሹፌሩና ዘበኛው ከሰካራሙ ኋላ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ማደራቸው ነው።

ጸደይ፣ የበጉን ክፍል እዚህ ለጥፊውና በሱ እንነጋገር።

ጸደይ፦ እሺ፣ አጀማመሩ ይሄ ነው።

«ሰውየው አስቂኝ ነበር። ጥርሱ ወላልቋል፣ ኮቱን ገልብጦ ለብሷል። በግ አቅፎ እየተንገዳገደ መጣ። ሹፌሩ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።»

አርታኢው፦ ጓደኛሽ የተቆጣችው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት ጥርሱን፣ ኮቱንና አካሄዱን ሰደብሽበት። ምን እንደሚፈልግ ግን አልነገርሽንም። ደግሞ ሹፌሩ ቀድሞ ስለሳቀ ለኛ የሚተርፍ ሳቅ የለም። በአስቂኝ ታሪክ ውስጥ ማንም መሳቅ የለበትም፣ ሁሉም ሰው ነገሩን የምሩን ነው የሚይዘው። ሌሊት ላዳ ላይ ደግሞ ሁሉም የምሩን የሚሆንበት ነገር ዋጋ ነው። ስለዚህ ከክርክሩ ጀምሪ። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር፦

— ቀራኒዮ ስንት ነው?
— ለስንት ሰው?
— ለአንድ።
— በጉስ?
— በጉ ዕቃ ነው።
— ዕቃ ከሆነ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይግባ።
— ታፍኖ ቢሞትብኝስ? በዓሉ ነገ አይደለም እንዴ! በነፍሱ ነው የምፈልገው።
— ነፍስ ካለው እንደ ሰው ይከፈልለታል።

ሰውየው ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ ከፍሎ በጉን ገቢና ያስቀምጠዋል። ሹፌሩ ወንበሩን ያለበሰው ገና ትናንት ነው። «ከኋላ አድርገው!» ሲለው ሰውየው በእርጋታ «የከፈለ ሰው የፈለገበት ይቀመጣል» ይለዋል። አየሽ፣ ሹፌሩ በራሱ አፍ ተያዘ። ጥርሱም ኮቱም አላስፈለገም።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ይሄኛውስ አሪፍ ነው። ግን ያው በሰው እየሳቅን አይደለም እንዴ? አሁን የሚሳቅበት ሹፌሩ ሆነ። ተራ ለወጥክ እንጂ ምን አደረግክ?

አርታኢው፦ ተራ መለወጡ ነው ዋናው። ታሪኩን የሚያወራው ሹፌሩ ነው። ዋጋ የሚጠራው እሱ ነው፣ በር የሚከፍተውም እሱ ነው፣ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ከቆመው ሰው ይልቅ ጉልበት ያለው እሱ ነው። ጉልበት ያለው ሲሸነፍ ነው የሚያስቀው። የአለቃ ገብረሃናን ተረብ አስታውስ። አህያ የምትነዳዋን ሴት «እንዴት አደርሽ የአህያ እናት» ሲሏት «እንዴት አደርክ ልጄ» አለቻቸው ይባላል። ይሄ ተረብ እስከ ዛሬ የሚወራው ሊቁ ስለተሸነፉ ነው። እሳቸው አሸንፈው ቢሆን አንድ ምስኪን ሴት የተሰደበችበት ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

ነርሷ፦ እኔ ደግሞ እዚህ ታሪክ ውስጥ ተሳፋሪዋ ነኝ። ተረኛ ሆኜ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከሥራ ስወጣ ብርድ ስለነበር ነጠላዬን ተከናንቤ መንገድ ዳር ቆምኩ። ያቆመልኝ ሹፌር በመስታወቱ ደጋግሞ ያየኛል። ሰላም ብዬው መልስ የለም። ትንሽ እንደሄድን ጮክ ብሎ «አባታችን ሆይ» ጀመረ። እኔም ደክሞኝ ስለነበር አብሬው ደገምኩ። እስከ «አሜን» ስንደርስ ነው ትንፋሹን የለቀቀው። «ሰው ነሽ ለካ!» አለኝ። እሱ ቤቱ ገብቶ ስለኔ ምን ብሎ እንዳወራ እግዜር ይወቀው። ለኔ ግን የዚያን ሌሊት ግራ የሚያጋባው ሰው እሱ ነበር። ስለዚህ ጸደይ፣ «ግራ የሚያጋቡ ተሳፋሪዎች» ስትይ በማን ዓይን ነው? ከኋላ ወንበር ሆነሽ አንዱን ሌሊት ጻፊው እስቲ።

ጸደይ፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ግን ታሪኩን የሚያወራው ሹፌሩ ስለሆነ ከኋላ ወንበር እንዴት ልግባ?

አርታኢው፦ መግባት አያስፈልግሽም። ሹፌሩ የፈራውን ያውራ፣ ተሳፋሪዋ ጸሎቱን አብራው ስትደግም አንባቢው እሷን ያገኛታል። ሹፌሩ ያልገባው ነገር ለአንባቢው ሲገባው ነው ሳቁ የሚመጣው። ግን ከዚያ በኋላ አታብራሪ። «ለካ ነርስ ነበረች፣ ነጠላ ስለለበሰች ነው» ካልሽ አለቀለት።

አንድ ሌላ ነገር። «በየማታው» የምትይውን ቀንሺው። «በየማታው ይጭን ነበር፣ ይገርመው ነበር» እያለ የሚሄድ ታሪክ ወሬ ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም አንዱ ሌሊት ከሌላው ጋር አይያያዝም። አንድ ሌሊት ምረጪ። የበዓል ዋዜማ ይሁን። ባለበጉ ይውረድ፣ ሽታው ግን መኪናው ውስጥ ይቅር። ሰካራሙ ሲገባ ወንበሩ እርጥብ ይሁን፣ ማን እንዳረጠበው ይከራከሩ። ነርሷ ስትገባ ደግሞ ሹፌሩ ከሁለቱ የተነሳ ነርቩ ያለቀ ስለሆነ ነጠላ ሲያይ ቢደነግጥ ማንም አይፈርድበትም።

ከቨርጂኒያ፦ እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ነድቼ ነው ልጆች ያሳደግኩት። የዋጋው ክርክር ጥሩ ነው፣ የሚሠራው ግን ላዳ ላይ ነው። እኛ ጋ በፈረንጆች 2008 ወደ ሜትር እስኪገባ ድረስ ሒሳቡ በዞን ነበር። ያኔ ተሳፋሪው «ዞን አላለፍንም» እያለ ይሟገተኝ ነበር፣ በዚህም ብዙ የሚወራ ነገር ነበረኝ። ሜትሩ ሲገባ ክርክሩ ጠፋ፣ ሰዉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ። አዲስ አበባም አሁን በመተግበሪያ የሚጠራው ብዙ ነው አሉ። እዚያ ዋጋው ስልኩ ላይ ከታየ የበጉ ክርክር ከየት ይመጣል?

የላዳው፦ ከ«የት ነህ?» ይመጣል። ካርታው አንድ ቦታ ያሳይሻል፣ ደንበኛው ሌላ ቦታ ነው። ደውለሽ ስትጠይቂ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ቀይ በር አለ፣ ውሻ ታሰማለህ» ይላል። ሌሊት ቀይ በር ከየት አባቱ ይታያል? ውሻው ደግሞ በየግቢው ነው። ላዳ ላይ ሰውየውን አይቼ ነው የምጭነው፣ በመተግበሪያ ግን እስኪገባ ድረስ አላውቀውም። በግ ይዞ ከሆነ የማየው በር ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ከቨርጂኒያ፦ እንግዲህ ጸደይ ትምረጥ። ሁለቱን ካቀላቀለች ሹፌር የሆነ አንባቢ ወዲያው ይነቃባታል።

ጸደይ፦ ላዳ ይሆናል። አንድ ሌሊትም ይሁን ብያለሁ። የቀረኝ ብቻውን የሚያወራው ሰው ነው። ያሰብኩት እንዲህ ነበር። ሹፌሩ ለሱ የሚያወራ መስሎት እየመለሰለት ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ሰውየው ጆሮ ውስጥ በገባች ማዳመጫ ስልክ እያወራ እንደነበር ያውቃል።

ከቨርጂኒያ፦ ይሄ ያረጀ ነው። አሁን ማንም አይታለልም።

ነርሷ፦ እኔ ይውጣ ነው የምለው። ስልክ ከሆነ ያረጀ ቀልድ ነው፣ ስልክ ካልሆነ ደግሞ ሰውየው ታሟል ማለት ነው። ሰካራም ነገ ይነቃል፣ በራሱም ይስቃል። የታመመው ሰው መልስ የሚሰጥበት ቀን የለውም። ቤተሰቡ ያነበዋል ብለሽ አስቢ።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ከታሪክ ካወጣሽው እኮ ከከተማው አወጣሽው ማለት ነው። ሌሊት ከተማ ውስጥ አለ፣ ታክሲም ይይዛል። ባለበጉ በክርክር ካሸነፈ እሱስ ለምን አያሸንፍም? ሹፌሩ መንገድ ተሳስቶ እሱ ያስተካክለው። «ግራ፣ ግራ ነው ያልኩህ» ይበለው።

አርታኢው፦ ይሄ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። መንገድ ስላሳየ ብቻ አንባቢው እያዘነለት «አይ ሰው!» ካለ ሳቁ ይሞታል። እየሳቀበት ካነበበው ደግሞ ነርሷ ያለችው ይመጣል። በመሐል የምታልፍ ጠባብ መንገድ አለች፣ በዚያ በደንብ ሲታለፍ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ለጀማሪ አልመክርም።

ነርሷ፦ ለጀማሪ ብቻ አይደለም፣ ለማንም አልመክርም።

የካዛንቺስ ልጅ፦ አልተስማማሁም። ትሞክረው። ካልሆነ ታወጣዋለች።

ጸደይ፦ በሁለት መንገድ እጽፈዋለሁ፣ ከሱ ጋርና ያለ እሱ። ሁለቱንም ለጓደኛዬ አስነብባታለሁ። ጋሼ የላዳው፣ ከካዛንቺስ ቀራኒዮ በሌሊት ስንት ብዬ ልጻፍ?

የላዳው፦ በቁጥር አትጻፊው። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ያረጅብሻል። «እጥፉን ጠራለት» በይ፣ ይበቃል። በጉን ግን ገቢና ማስቀመጡን አልወደድኩትም፣ ማርሹን ይረግጠዋል። ከኋላ ሆኖ አንገቱን በሁለቱ ወንበር መሐል ያውጣ።

አርታኢው፦ ከገቢናው ይሄ ይሻላል። እንደሱ አድርጊው።