ሽያጭ ሳያመጡ በጀት የሚበሉ ዕቃዎችን እንዴት ልለይ?

ቦርከና፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ የሐበሻ ልብስና የቡና ዕቃ በኢንተርኔት ትሸጣለች። የጉግል ሾፒንግ ማስታወቂያዋን የምከታተለው እኔ ነኝ። ለጉግል በምንልከው የዕቃ ዝርዝር፣ በፊዱ ማለት ነው፣ 300 ገደማ ዕቃ አለ። በወር 900 ዶላር ይወጣል፣ ሽያጩ ግን ከጥቂቶቹ ነው የሚመጣው። ገንዘቡን ዝም ብለው የሚበሉትን እንዴት ለይቼ ላውጣቸው?

የሰኞ ገበያ ልጅ፦ ቀላል ነው ወንድሜ። የሱቁን የሽያጭ ዝርዝር አውጣና ባለፈው ወር አንድም ያልተሸጠውን ከፊዱ ሰርዝ። አለቀ።

ሆጤ፦ እኔም በዚሁ ተቃጥያለሁ። ደሴ ፒያሳ የስልክ ዕቃ እሸጣለሁ። ፔጄ ላይ ፖስት ቡስት አደርጋለሁ፣ ላይክ ይጎርፋል፣ ገዢ ግን የለም። ምን ይሻለኛል?

ጦሳ፦ ሆጤ፣ አብሽር፣ ያንተ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለብቻው ጠይቅ፣ እመልስልሃለሁ።

ቦርከና፣ በሽያጭ ዝርዝሩ ብቻ እንዳትሰርዝ። ሰው የነጠላውን ማስታወቂያ ተጭኖ ይገባና ቀሚስ ገዝቶ ይወጣል። ጉግል ሽያጩን የሚመዘግበው ለተጫነው ዕቃ፣ ለነጠላው ነው። በሱቁ ዝርዝር ግን ነጠላው አልተሸጠም። ከሰረዝከው ገዢ የሚያመጣልህን ቆረጥክ ማለት ነው።

ከማስታወቂያው በኩል ጀምር። ሪፖርት ክፈትና Item ID፣ Clicks፣ Cost እና Conversions አስገባበት። 60 ቀን ያህል ውሰድ፣ የመጨረሻውን ሳምንት ግን ተወው። ትናንት የተጫነ ሰው ከቀናት በኋላ ተመልሶ ሊገዛ ይችላል። ከዚያ ብዙ ከበላው ጀምረህ ደርድር።

ዋናው ነገር ለመፍረድ አለመቸኮል ነው። ሱቁ በአማካይ በ50 ክሊክ አንድ ይሸጣል እንበል። 50 ክሊክ አግኝቶ ምንም ያልሸጠ ዕቃ ገና ጥፋተኛ አይደለም። ደህና ዕቃም ቢሆን ከሦስት አንዴ ያህል በአጋጣሚ ብቻ ባዶ ይቀራል። 150 አልፎም ባዶ ከሆነ ግን አጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከ20 አንድ ገደማ ነው። ያኔ ጠርጥረው።

ቦርከና፦ አላህ ይስጥልኝ። አማካዩ እውነትም ወደ 50 ነው። አንድ ጥቁር ጀበና 212 ክሊክ አግኝቶ 97 ዶላር በልቷል፣ ሽያጭ ዜሮ። ዋጋው 38 ዶላር ነው። ቀሚሶቹ ግን ግራ አጋቡኝ። እያንዳንዱ አሥር አሥራ አምስት ክሊክ ብቻ ነው ያለው።

የቧንቧ ውሃዋ፦ ቀሚሱ በመጠንና በቀለም ተበታትኖብህ ነው። አንድ ቀሚስ በአምስት መጠንና በሦስት ቀለም 15 መስመር ይሆናል። ለየብቻ ስታያቸው ሁሉም ምስኪን ይመስላሉ። የአንድ ቀሚስ መጠንና ቀለሞች ሁሉ በሚጋሩት መለያ፣ በ item_group_id ደምራቸው።

ጀበናውን ከመቁረጥህ በፊት Search terms እይ። የፊዱ ርዕስ ምን ይላል?

ቦርከና፦ ርዕሱ "Black Clay Coffee Pot" ነው። ፍለጋዎቹን አየሁ፦ "electric coffee pot"፣ "coffee pot with filter"።

የቧንቧ ውሃዋ፦ አየህ? ሪፖርቱ ፍለጋን ከዕቃ ጋር አያይዞ አያሳይህም፤ ግን ከናንተ ሱቅ እነዚህን የሚስብ ሌላ ምን አለ? ሰዎቹ የሚፈልጉት የኤሌክትሪክ ማፍያ ነው፤ ጀበና ሲያዩ ይወጣሉ። ርዕሱን "Ethiopian Jebena, Handmade Clay Coffee Pot" በለው። electric እና filter የሚሉትን በኔጌቲቭ ቃልነት አስገባ፤ ያኔ እነሱ ባሉበት ፍለጋ ማስታወቂያው አይወጣም። የመላኪያ ዋጋውንም እይ፤ ሸክላ ተሰባሪ ስለሆነ ማሸጊያው ብቻ ገዢ ሊያስበረግግ ይችላል።

ጦሳ፦ ልክ ብላለች። እስኪስተካከል ምልክት አድርግበት። ዋናውን ፊድ አትንካ፣ ተጨማሪ ፊድ ጫን፦

```
id,custom_label_0
JB-014,check
```

check የተባሉትን ትንሽ በጀት ወዳለው ሌላ ካምፔይን አውጣ። ከድሮው ካምፔይን ማስወጣትህን እንዳትረሳ፤ ካለዚያ በሁለቱም ይወጣሉ።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦ ስለ ነጠላው ተቀብያለሁ። ግን 97 ዶላር የበላን ጀበና ለምን ሌላ ዕድል እንሰጠዋለን? በአንዱ ትርፉ ስንት ነው?

ቦርከና፦ ወደ 12 ዶላር።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦ በቃ፣ ስምንት ጀበና ሸጠህ እንኳ ያንን አትመልስም።

ጦሳ፦ የሄደው ሄዷል። ጥያቄው ከዚህ በኋላ ያለው ነው፦ አዲሱ ርዕስ በአንድ ሽያጭ ከ12 ዶላር በታች ካስወጣው ይኑር።

ቦርከና፦ ቀሚሶቹን ደመርኩ። አንዱ 240 ክሊክ፣ አራት ሽያጭ፤ ልሰርዘው ነበር! ሌላው ግን 190 ክሊክ አግኝቶ ምንም የለውም። የበዓል ቀሚስ ነው፣ እነዚህ 60 ቀናት ደግሞ በዓል አልነበረባቸውም።

የቧንቧ ውሃዋ፦ እሱን ከዚህ ሪፖርት ብቻ መፍረድ ይከብዳል። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን የነበረውን አውጣና እይ። መካከለኛ መጠኖቹ ያኔም አሁንም መኖራቸውን የአክስትህን ልጅ ጠይቃት።

ቦርከና፦ እሺ እህቴ፣ ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።