ለዓሣ ቤታችን ስም ድምፅ ስጡ

ዮናስ፦ ቤተሰብ፣ ጓደኞች፣ እንደምን ዋላችሁ? አያት ሰፈር የምንከፍተው ዓሣ ቤት ሦስት ስም ቀርቶለታል። «ጣና»፣ «መረብ» እና «የእማዬ ጓዳ»። እስከ እሑድ ማታ ምረጡ። ሁለተኛ ምርጫችሁንም አብራችሁ ጻፉ።

እትዬ ሶፊያ፦ የእማዬ ጓዳ! ሌላ ምን ያሻል? ግን ልጄ፣ በጾም ዓሣ ልትሸጡ ነው? ካህኑን ጠይቃችኋል?

ሄኖክ፦ እትዬ፣ እሱ የጠየቀን ስም ነው። እኔ ጣና ብያለሁ። ዓሣ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልን እሱ ነው። መረብማ ኢንተርኔት ቤት ይመስላል።

ሰላም፦ ዓሣው ከየት ነው የሚመጣው?

ዮናስ፦ ከዝዋይና ከአርባ ምንጭ።

ሰላም፦ እንግዲያው ጣና ብላችሁ የዝዋይ ቆሮሶ ልታቀርቡ ነው። ባሕር ዳር ያደገ ሰው መጥቶ አስተናጋጁን ቢጠይቀው ምን ይመልሳል? ሌላም አለ። በአዋጅ 501/1998 መሠረት ዕቃው የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ስም በንግድ ምልክትነት አይመዘገብም።

ቢኒ፦ ምን አስጨነቃችሁ? ንግድ ምዝገባ ላይ ስሙ ከገባ አለቀ፣ ማንም አይነካውም።

ሰላም፦ ግማሹ ልክ ነው። እዚያ የሚመዘገበው የንግድ ስም ነው። ተመሳሳይ ወይም የሚያምታታ ስም ቀድሞ ካለ ያንተን አይቀበሉም። ስሙንና ሎጎውን እንደ ንግድ ምልክት የሚያስጠብቅልህ ግን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ለ7 ዓመት ይሰጥሃል፣ ከዚያ ታድሳለህ። ዮኒ፣ ሦስቱንም ከምርጫው በፊት አስፈትሻቸው። የተያዘ ስም ካሸነፈ የሁላችንም ድምፅ ከንቱ ነው።

ጋሽ ተሾመ፦ እውነቷን ነው። እኔ ለጋራዤ መጀመሪያ ታፔላ አሠራሁ። ስሙ ተይዟል ሲሉኝ ታፔላውን ገልብጬ በጀርባው ሌላ አስጻፍኩ። ብረቱ እስካሁን አለ።

ማርታ፦ «ጓዳ» በላቲን ፊደል እንዴት ሊጻፍ ነው? አንዱ Guada ይላል፣ ሌላው Gwada። ካርታ ላይ የሚፈልጋችሁ ሰው ሊያጣችሁ ይችላል። Tana ግን ማንም አይሳሳተውም። ጓዳ ከሆነ አንዱን ምረጡና ታፔላውም፣ ሜኑውም፣ ቲክቶኩም ላይ እሱን ብቻ ጻፉ።

ዮናስ፦ (እሑድ ማታ) 23 ሰው መርጧል። ጣና 9፣ ጓዳ 8፣ መረብ 6። መረብ ስለወደቀ የመራጮቹን ሁለተኛ ምርጫ አየሁ። 5ቱ ጓዳ፣ 1ዱ ጣና። ስለዚህ ጓዳ 13፣ ጣና 10።

ሄኖክ፦ ቆይ እንጂ! አንደኛ የወጣው እንዴት ይሸነፋል?

ዮናስ፦ ሁለቱ ብቻ ቢቀርቡ 13ታችሁ ጓዳን ነው የምታስቀድሙት። ሁለተኛውንም ጻፉ ያልኩት ለዚሁ ነው።

ሄኖክ፦ ሕጉ ከውጤቱ በፊት ይነገራል፣ ወንድሜ። እኔ እኮ ሁለተኛውን ዝም ብዬ ነው የሞላሁት።

ሰላም፦ በዚህ ሄኖክ ልክ ነው። ለማንኛውም ነገ መጀመሪያ ጓዳን አስፈትሽ። ተይዞ ከሆነ ጭቅጭቁም ይቀራል።