ለነገ ጠዋት ስብሰባ አስቸኳይ፦ ዩኒየኑ «ሲቬሪቲ 1» ይላል፣ መሐንዲሶቹ «4» ይላሉ

የጣና ዳር ሞካሪ (ጠያቂ)
እንደምን አመሻችሁ። ባሕር ዳር ሆነን ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የእህል መረከቢያ ሲስተም እንሠራለን። ከቅዳሜው ማሻሻያ ወዲህ በቡሬ መጋዘን የሚታተመው ደረሰኝ «አስረካቢ» እና «ተረካቢ» የሚሉትን ቃላት አቀያይሮ ያወጣል፤ ዩኒየኑ ይህን በሲቬሪቲ 1፣ ማለትም በከፍተኛው የጉዳት ደረጃ፣ አስመዝግቦታል። መሐንዲሶቻችን ደግሞ የጽሑፍ ስሕተት ስለሆነ 4 ነው፣ እውነተኛው 1 ኢንተርኔት ተቋርጦ ሲመለስ አንዱን ሚዛን ሁለት ጊዜ የሚመዘግበው ጉድለት ነው ባይ ናቸው። ዩኒየኑ ግን «እሱን ጸሐፊዎቹ እያዩ ይሰርዙታል፣ ይቆይ» ይላል። ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስብሰባ አለን፤ በዚህ ሳምንት ያለን አንድ ሪሊዝ ብቻ ነው። የማን ክብደት ይያዝ?

የዳንግላ ሒሳብ ያዥ
እህቴ፣ የክብደት ልዩነት በእኛም መጋዘን ደርሶ ነበር። መጀመሪያ ክብደቱ የታወቀ ነገር ሚዛኑ ላይ አውጥታችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሲስተሙ ሳይሆን ከሚዛኑ ሥር ከገባው አፈር ነው።

ቀልድ አዋቂ ከቡሬ
ጋሼ፣ የምትመዘነው በቆሎዋ ሳትሆን ጉድለቷ ናት። ለማንኛውም ገበሬው በቆሎውን አስረክቦ በወረቀት ተረካቢ ከሆነ፣ ዘንድሮ የቡሬ ጎተራ አይጎድልም ማለት ነው።

የማርቆስ መምህር
ክርክሩ የተነሣው በአንድ ሣጥን ውስጥ ሁለት ጥያቄ ስለተከተተ ይመስለኛል። የጉድለት መመዝገቢያውን ቡግዚላን የተጠቀመ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ እዚያ ሲቬሪቲና ፕራዮሪቲ፣ ማለትም የጉዳቱ ክብደትና የሥራው ቅድሚያ፣ ከመጀመሪያው ለየብቻ የሚሞሉ ናቸው። ሌላው መመዝገቢያ ጂራ ግን ሲተከል `Priority` የሚለውን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ሲቬሪቲ የሚለውን መስክ ራሳችሁ ካልጨመራችሁት የለም። ስለዚህ ዩኒየኑ «ይህን ቶሎ ሥሩልኝ» ለማለት ያለው መንገድ ቁጥሩን ወደ 1 መግፋት ብቻ ይሆናል፤ መሐንዲሱም ያንን ቁጥር «ሲስተሙ ወድቋል» ብሎ ያነበዋል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፦ የጉድለቱን ጉዳት የሚገልጸውን መስክ ጉዳቱን ያየው ሞካሪ፣ ሰዓቱን የሚገልጸውን ደግሞ ጉዳቱን የሚሸከመው ወገን ይሙላው። አንዱ የሌላውን መስክ መንካት የለበትም።

የሠንጠረዥ ወዳጅ
እኛ ዘንድ ይህ ጭቅጭቅ የቀረው በማባዛት ነው። ሲቬሪቲውን በፕራዮሪቲው አባዝታችሁ ትንሹን ቁጥር ያገኘውን መጀመሪያ ሥሩ፤ ስሜት አይገባበትም።

የድሮ ሞካሪ
ወንድሜ፣ በማባዛት የእህታችንን ደረሰኝ ብታሰላው 4 በ1 ሆኖ 4 ይወጣል፤ ድግግሞሹም 1 በ4 ሆኖ ያው 4 ነው። የሚያከራክሯት ሁለቱ ጉድለቶች እኩል ወጡ ማለት ነው። ሠንጠረዡ የሚጠቅመው ሁለቱም ቁጥር ከፍ ያለውንና ሁለቱም ዝቅ ያለውን ለመለየት ነው፤ እነዚያ ላይ ግን ቀድሞም የሚጨቃጨቅ የለም።

እህቴ፣ የማን ቁጥር ይያዝ የሚለውን ለጊዜው ተዪውና ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛው፣ ቃሉ የተቀያየረው በወረቀቱ ላይ ብቻ ነው ወይስ በዳታቤዙም ውስጥ የርክክቡ አቅጣጫ ተገልብጧል? ወረቀቱ ብቻ ከሆነ የመሐንዲሶቹ 4 ያስኬዳል፤ መዝገቡም ከተገለበጠ ግን የመጋዘኑ ቀሪ ሂሳብ ስለሚበላሽ የዩኒየኑ 1 ትክክል ነበረ። ይህ ሳይታወቅ ስለ ቁጥር መከራከር ሕመሙን ሳያዩ መድኃኒት እንደመምረጥ ነው።

ሁለተኛው፣ ለገበሬው ክፍያ የሚወጣው በየትኛው ቀን ነው? የተደገመ ሚዛን ክፍያ እስኪወጣ ድረስ ትርፍ መስመር ብቻ ስለሆነ ይሰረዛል። ከክፍያ በኋላ ግን ከቤት የገባ ገንዘብ ነውና ማስመለሱ ሌላ ሥራ ነው። ጸሐፊዎቹ ይሰርዙታል የተባለውም በስብሰባ የሚያምኑት ሳይሆን የሚቆጠር ነገር ነው። የሠንጠረዡንና የመስኮቹን ስም በእናንተው ተክታችሁ ይህን አስኪዱ፦

```sql
SELECT farmer_id, net_kg, device_time, COUNT(*) AS n
FROM weighings
WHERE deleted_at IS NULL
GROUP BY farmer_id, net_kg, device_time
HAVING COUNT(*) > 1;
```

ያልተሰረዙት ይወጡላችኋል። የ`WHERE` መስመሩን አንሥታችሁ ስትደግሙት ደግሞ የተሰረዙትም ተጨምረው ይታያሉ፤ ልዩነቱ ጸሐፊዎቹ ያዩት ነው። ሰርቨሩ የተቀበለበትን ሰዓት አትጠቀሙ፤ ድጋሚ የተላከው መዝገብ ሰርቨር የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ ድግግሞሹ ይደበቅባችኋል።

የፍኖተ ሰላም ኮደር
እኔ ግን 4 የሚለውን ራሱን አልቀበለውም። ሲቬሪቲን በመውደቅና ባለመውደቅ ብቻ ስለምንለካ ነው እንጂ፣ ሰው የሚፈርምበት ሰነድ ሐሰት ሲናገር እንዴት የጽሑፍ ስሕተት ይባላል? በአዝራር ላይ «አስቀምጥ» የሚለው «አስቀምት» ቢሆን 4 ነው። ይህ ግን ቢያንስ 2 ነው።

የዳንግላ ሒሳብ ያዥ
ጥያቄውን ቀድሜ በደንብ አላነበብሁትም ነበር፣ ይቅርታ። አሁን ሲገባኝ ግን ነገሩ የኔው ሥራ ነው። ገበሬው «ተረካቢ» ከሚለው ሥር ከፈረመ፣ ወረቀቱ የሚለው ዩኒየኑ በቆሎ ሰጠው እንጂ ከእሱ ተቀበለ አይደለም። ኦዲተር ሲመጣ የሚያየው ኮምፒውተሩን ሳይሆን የተፈረመበትን ወረቀት ነው፤ ለተከፈለው ገንዘብ ማስረጃ የሚሆን ርክክብም አይገኝም። ለዚህ ነው ዩኒየኑ የሚጮኸው።

የድሮ ሞካሪ
ጋሼ ያሉት በቲኬቱ ላይ መጻፍ የነበረበት ዓረፍተ ነገር ነው። ዩኒየኑ «ሲቬሪቲ 1» ብሎ ከሚጽፍ ይህንኑ ቢጽፈው ኖሮ መሐንዲሶቹ በአምስት ደቂቃ ይስማሙ ነበር። ከኮደሩ ጋር ግን አንስማማም፤ ሲስተሙ መዝገቡን በትክክል ይዞ ወረቀቱ ብቻ ከተሳሳተ ቁጥሩን ዝቅ አድርጌ ቅድሚያውን የመጨረሻ ከፍተኛ አደርገዋለሁ።

የፍኖተ ሰላም ኮደር
እኔ ደግሞ ወረቀቱም የሲስተሙ ውጤት ነው ባይ ነኝ። በሐሳቤ እንደጸናሁ ነኝ።

የሞጣ ገንቢ
የኛ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አንዲት ሞካሪ ቀን መቀየሪያችን ጳጉሜን 6ን እንደማይቀበልና ፕሮግራሙ እንደሚዘጋ አገኘች። ሲቬሪቲ 1 ተሰጠው። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው ግን በ2015 ስለነበረ ሁለት ዓመት አለን ብለን ቅድሚያውን ከሁሉ በታች አደረግነው፤ ውሳኔው በዚያን ጊዜ ትክክል ነበረ። የተሳሳትነው ዳግም የሚታይበትን ቀን ሳንጽፍበት መተዋችን ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ጠዋት ስልኬ ሲጮኽ ገና ለዓመት በዓሉ በግ አልገዛሁም ነበር። ከባድ ሆኖ የሚቆይ ጉድለት ካለ «ይቆይ» ከሚለው ጎን እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍ። ቀጣዩ በ2019 መጨረሻ ነው።

የጣና ዳር ሞካሪ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ አሁን አጣርቼ ተመለስሁ። ዳታቤዙ ደኅና ነው፤ የተሳሳተው የደረሰኙ ቴምፕሌት ፋይል ብቻ ሲሆን እሱም ቡሬ ላይ ብቻ ነው። ክፍያ ዓርብ ከሰዓት ይወጣል። መጠይቁን ሳስኬድ ባጠቃላይ 11 ድግግሞሽ ተገኘ፤ ከእነሱ 7ቱ ተሰርዘዋል፣ 4ቱ ግን ማንም ሳያያቸው አሉ። አራቱ ሲደመሩ 23.5 ኩንታል ናቸው።

የሠንጠረዥ ወዳጅ
በመጠይቁ ሦስት መስኮች ላይ ድግግሞሽ የሚከለክለውን የ`UNIQUE` ገደብ አድርጉበትና ይለቅ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

የድሮ ሞካሪ
አይሆንም። አራቱ ድግግሞሾች እያሉ ገደቡ ራሱ አይፈጠርም፤ ተሰርዘዋል የተባሉት 7ቱም ከሠንጠረዡ ስላልወጡ እነሱም ይከለክሉታል። ሰዓቱ እስከ ደቂቃ ብቻ የሚያዝ ከሆነም ሌላ ጣጣ አለ፤ አንድ ገበሬ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት እኩል ጆንያ ቢያስመዝን እውነተኛውን ሁለተኛ ጆንያ ሲስተሙ ይመልሰዋል። መዝጋቢው መሣሪያ ለእያንዳንዱ ሚዛን ገና ሲመዘን መለያ ይስጠው፣ ድጋሚ ሲልክም ያንኑ መለያ ይላክ፣ ሰርቨሩም ያየውን መለያ ሁለተኛ ጊዜ አይመዝግብ።

እህቴ፣ ካመጣሽው ተነሥቼ እኔ ብሆን ነገ እንዲህ እል ነበር። ደረሰኙ የቴምፕሌት ፋይል ብቻ ስለሆነ ከሪሊዙ ጋር አይሻማም፤ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ፋይሉ ለቡሬ ይላክና አንድ ደረሰኝ ታትሞ ፎቶው ይምጣ። ድግግሞሹ ደግሞ የሳምንቱን ሪሊዝ ይውሰድ፤ ምክንያቱም ዩኒየኑ «ጸሐፊዎቹ ይሰርዙታል» ያለው ከ11 በ4ቱ አልሠራም፣ ዓርብም ቀርቧል። ሪሊዙ ከዓርብ ቢዘገይ ግን ክፍያው መቆም የለበትም፤ ዓርብ ጠዋት መጠይቁ ተደግሞ ይሂድና የወጡት መስመሮች ብቻ ይታገዱ።

በስብሰባው ላይ ቁጥር እንዳትጠይቂ። ዩኒየኑን «እስከ የትኛው ቀን ካልተስተካከለ ምን ትከፍላላችሁ?» በይው። መሐንዲሶቹን «ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ ሲስተካከል ምን ሊበላሽ ይችላል፣ እስከዚያው በምን ይታለፋል?» በያቸው። ሁለቱ መልሶች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ሲጻፉ ብዙው ክርክር ያልቃል። ያላለቀውን የሚቆርጥ አንድ ሰው አስቀድሞ ይሰየም፤ የሚቆርጠው ሰው ስም በሁለቱም ወገን ዘንድ መታወቅ አለበት እንጂ ድምፅ መቁጠር አይጠቅምም።

የማርቆስ መምህር
ውላችሁ ላይ ሲቬሪቲ 1 በስንት ሰዓት ውስጥ ምላሽ እንደሚሰጠው ተጽፏል? ከተጻፈ፣ የፈለጋችሁትን መስክ ብትጨምሩ ዩኒየኑ ሁሉንም 1 ማለቱን አይተውም፤ ሰዓቱ የታሰረው ከዚያ ቁጥር ጋር ነውና።

የጣና ዳር ሞካሪ (ጠያቂ)
አዎ፣ 4 ሰዓት ይላል። ይህን ነገ ማንሣቴን እንጃ።

የዳንግላ ሒሳብ ያዥ
ፋይሉን ማስተካከላችሁ መልካም ነው፤ ከቅዳሜ እስከ ዛሬ የተፈረሙትን ደረሰኞች ግን ማን ያስተካክላቸዋል? ዋናው ቅጂ መጋዘኑ ውስጥ ቢሆንም ግልባጩን ገበሬው ይዞ ወደ ቀዬው ገብቷል። ሰርዞ እንደገና ማተም ብቻ አይበቃም፤ የተሳሳተው ቁጥር ተጠቅሶ ማረሚያ ይጻፍና ዓርብ ለክፍያ ሲመጣ ያስፈርሙት፣ የያዘውንም ግልባጭ ይቀበሉት።