የጀርመን ሥራ ደብዳቤ፦ በወር እጄ ላይ ስንት ይገባል?

የአዘዞው፦ ሰላም ጎንደሮች፣ አስቸኳይ ነው። የሶፍትዌር ሥራ ደብዳቤ መጣልኝ፣ እስከ አርብ ፈርም ይላል። ጠቅላላ ጥቅል 64,400 ዩሮ። ቤዝ 54,000፣ ቦነስ እስከ 10 ከመቶ፣ የ20,000 ዩሮ ስቶክ ኦፕሽን በ4 ዓመት። ለ12 ሳካፍለው ወደ 5,370 መጣ። በየወሩ ይህን አገኛለሁ ማለት ነው? ባለቤቴ ለጊዜው እዚሁ ትቆያለች።

ቀሃ፦ ፒያሳ ማኪያቶ ካልጋበዝክ መልስ የለም 😂 ለመሆኑ አገሩ የት ነው?

የአዘዞው፦ ይቅርታ፣ በርሊን።

ሸጋው፦ እኔ ዱባይ ነኝ። ደብዳቤው ላይ ያለው ሙሉው እጄ ይገባል። አትጨነቅ፣ ፈርም።

ማራኪ 07፦ ዱባይ የገቢ ግብር የለም፣ ጀርመን ግን አለ ወንድሜ። 64,400ውን እርሳው። እርግጠኛው 54,000 ብቻ ነው፣ በወር 4,500። ከዚያ ላይ ጡረታ፣ ጤና፣ ሥራ አጥነትና እንክብካቤ መድን ወደ 21 ከመቶ ይሄዳል። ግብሩ ሲቀነስ በግምት 2,850 ይቀርሃል።

እንኮዬ፦ ባለትዳር ስለሆነ ግን ግብሩ ይቀንስለታል። የግብር ምድብ 3 ነው የሚገባው፣ የአጎቴ ልጅ እንደዚያ ነው።

ማራኪ 07፦ እሱ ሚስትየዋ እዚያ ስትኖር ነው እህቴ። ጎንደር እስካለች ድረስ እንደ ነጠላ ምድብ 1 ይቆጠራል። ስትሄድ ይቀየርለታል።

ጋሽ፦ መጀመሪያ እዚህ አገር ምን ጎደለና ነው? ወጣቱ ሁሉ እየወጣ ካለቀ...

ቀሃ፦ ጋሽ፣ ልጁ ሒሳብ ነው የጠየቀው።

የአዘዞው፦ ኦፕሽኑስ? 4,000 አክሲዮን ነው፣ የአንዱ መግዣ 5 ዩሮ ይላል።

ማራኪ 07፦ ሒሳቡን እይ፦ 4,000 በ5 ሲባዛ 20,000 ነው። ይህ እነሱ የሚሰጡህ ገንዘብ አይደለም፣ አንተ አክሲዮኑን ለመግዛት የምትከፍለው ነው! ዋጋው 8 ዩሮ ቢደርስ ትርፍህ 12,000 ነው፣ እሱም ከግብር በፊት። 5 ላይ ከቆመ ዜሮ። ድርጅቱ ገበያ ላይ ካልወጣ ደግሞ የሚገዛህ ሰው ማግኘትም ፈተና ነው። የኦፕሽኑን ዝርዝር ሰነድ አስልክ። ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ሳይሞላህ ከወጣህ ምንም የለህም። ከዚያም በኋላ ብትለቅ ለመግዛት የሚሰጥህ ጊዜ አጭር ሊሆን ይችላል።

እንኮዬ፦ ቦነሱ ግን የታወቀ ነው፣ 5,400።

ማራኪ 07፦ «እስከ» የምትለዋን አንብቢያት። ዜሮም «እስከ 10» ውስጥ ነው። መስፈርቱን ማን እንደሚወስን፣ ሲከፈልም ሥራ ላይ መገኘት ግዴታ እንደሆነ ይጠይቅ። ዓመቱ አጋማሽ ላይ ከጀመረ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ቦነስ ብዙውን ጊዜ በሠራበት ወር ልክ ነው።

ሸጋው፦ እንግዲያ ቦነሱን ትተው ቤዙን 57,000 ያድርጉልህ በላቸው።

እንኮዬ፦ አርብ ሊፈርም እየተባለ ድርድር? ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ?

ማራኪ 07፦ በጨዋ ኢሜይል ስለጠየቀ ብቻ ብዙ ጊዜ አይቀይሩም።

ጋሽ፦ በ2,850 በርሊን ላይ ቤት ኪራይ ይከፈላል? እሱን ማንም አልነገረውም።