በፎቶ የመጣ የመጋዘን ውል ወደ ዓረብኛ፦ ሁለቱ «ይችላል» እና ሁለቱ «የለበትም»

የሻርጃዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሱዳናዊት ጎረቤቴ የቤት ዕቃዋን በኪራይ መጋዘን ልታስቀምጥ ነው። የመጋዘኑ ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ሲሆን እርሷ የምታነበው ዓረብኛ ነው፤ ስለዚህ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከመፈረሟ በፊት በዓረብኛ ልጽፍላት እፈልጋለሁ። ዋናው ነገር በአማርኛ እንዲህ ነው፦ ደንበኛው ማስታወቂያ በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ ዕቃውን ማንሳት አለበት፤ ይህ በ«ሻል» የተጻፈ ነው። ኩባንያው ያልተነሳ ዕቃ መሸጥ ይችላል፤ ከዚያ ቀጥሎ ወረቀቱ ስለታጠፈ አንድ መስመር አይነበብም። ዕቃ የማስረከቢያው ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ደንበኛው ምግብ ማስቀመጥ የለበትም። ለመጀመሪያው ወር ተቀማጭ መክፈል የለበትም። ኢንሹራንስ ቢገባ ይመረጣል፤ ይህኛው በ«ሹድ» ነው። ሁለቱን «ይችላል» በአንድ ቃል «ዩምኪን» ብዬ ብጽፍ ችግር አለው?

አቦል፦
እህቴ፣ ራስሽን አታድክሚ። ሁሉንም «የጂብ» በያቸው። ሰው ግዴታ ነው ብሎ ካነበበ ይጠነቀቃል፤ ተጠንቅቆ የተጎዳ የለም።

የሐረር ልጅ፦
አቦል፣ ለ14 ቀኑ ልክ ነህ፤ ለሌሎቹ ግን አይሠራም። ኢንሹራንሱን «የጂብ» ካልነው ሴትዮዋ ያልተጠየቀችውን ገንዘብ ትከፍላለች። ሽያጩን «የጂብ» ካልነው ደግሞ ኩባንያው የመሸጥ መብት ሳይሆን የመሸጥ ግዴታ ያለበት ይመስላል።

የሻርጃዋ፣ እንግሊዝኛው በሁለቱም ቦታ «ሜይ» ቢልም ሥራው ለየቅል ነው። ሽያጩ ለኩባንያው የተሰጠ መብት ስለሆነ «የሒቁ ሊሸሪካ» ወይም «የጁዙ ሊሸሪካ» በዪ። መዘግየቱ ግን የማንም መብት አይደለም፤ ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ከግሡ በፊት «ቀድ» ይበቃል። «ዩምኪን» ሁለቱንም ስለሚሸፍን ጎረቤትሽ ሽያጩን «ምናልባት ይሆናል» ብላ ልታልፈው ትችላለች። «ሻል»ን ደግሞ በ«ሰውፈ» እንዳትጽፊው፤ ደንበኛው ወደፊት ያነሳል የሚል ትንበያ ይሆናል። የዓረብኛ ውሎች «የልተዚም» ይላሉ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ያልጠየቅሽው ነው። በአማርኛ ሁለት ጊዜ «የለበትም» ብለሻል። ምግቡ ክልከላ ነው፤ ተቀማጩ ግን ግዴታ አለመኖሩን የሚናገር ይመስለኛል። አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ቃል ስለሚይዝ ከእንግሊዝኛ ወደ ዓረብኛ በአማርኛ በኩል የሚያልፍ ሰው ልዩነቱን መንገድ ላይ ይጥለዋል። እስቲ ወረቀቱን እዪው፤ አንዱ «ማስት ኖት»፣ ሌላው «ኒድ ኖት» ነው?

የሻርጃዋ፦
አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነው። እኔ ሁለቱንም «ላ የጂብ» ልጽፍ ነበር ያሰብኩት።

የሐረር ልጅ፦
እንግዲያው «ላ የጂብ» ለተቀማጩ ብቻ ይሁን፤ «ግዴታ የለበትም» ማለት ነው። እንዲያውም በንግግር ክልከላ አድርገው የሚረዱት ሰዎች ስላሉ «ገይር ሙልዘም» ብትዪ ይበልጥ ይጠራል። ለምግቡ «ላ የጁዙ» ወይም «የጂቡ አላ» ነው። በሁለተኛው ላይ አፍራሹ ከ«የጂቡ» በፊት ሳይሆን በኋላ መምጣቱን ልብ በዪ፤ ቦታው ሲቀየር ክልከላው ወደ ፈቃድ ይለወጣል። ራስሽን ለመፈተን በአማርኛ «አይፈቀድለትም» እና «አይገደድም» እያልሽ ለይተሽ ጻፊ፤ ከዚያ ወደ ዓረብኛው ሂጂ።

እሙ በሪያድ፦
የእኔም ተመሳሳይ ነው። የሥራ ውሌ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ነው፤ የዕረፍቱ አንቀጽ በሁለቱ አይገጥምም። በእንግሊዝኛው ልከራከር እችላለሁ?

የሐረር ልጅ፦
እሙዬ፣ ያንቺ ጥያቄ የትርጉም ሳይሆን የትኛው ጽሑፍ ይጸናል የሚለው ነው። በሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 9 መሠረት የሚጸናው ዓረብኛው ነው። የቤት ሠራተኛ ከሆንሽ ግን የተለየ ደንብ ስላለ በዚያ አጣሪ።

አቦል፦
እሺ፣ ስለ «የጂብ» ተቀብያለሁ። ግን «ሹድ»ን ምን እንበለው? «የንበጊ» ካልን አንዳንዱ ግዴታ አድርጎ ያነበዋል፤ እኔ «ዩንሰሑ» ነው የምለው።

የሐረር ልጅ፦
«ዩንሰሑ» ንጹሕ ምክር ነው። ኩባንያው ምክር ማለቱን በምን እናውቃለን? ኢንሹራንስ ያልገባ ሰው ካሳ አይከፈለውም የሚል መስመር በሌላ ቦታ ካለ ምክርነቱ ያበቃል። እንግሊዝኛው ራሱ ክፍት ከሆነ ክፍቱን «የንበጊ» አስቀምጬ አጠገቡ «ኩባንያው ይጠየቅ» ብዬ እጽፋለሁ።

አቦል፦
እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ደንበኛዋ የምትፈልገው መልስ ነው፤ ተጨማሪ ጥያቄ አይደለም።

የሻርጃዋ፦
የታጠፈውን መስመርስ ምን ላድርገው? ከሚታየው ፊደል ስገምት «ካልከፈለ በስተቀር» የሚል ይመስላል።

የሐረር ልጅ፦
በግምት አትሙዪው። የመሸጥ መብቱን የሚገድበው ቅድመ ሁኔታ ያለው እዚያው ሊሆን ይችላል። በዓረብኛው ላይ «ገይር መቅሩእ» ብለሽ በቅንፍ አኑሪ፤ ጎረቤትሽ ደግሞ ወረቀቱን ዘርግታ በቀን ብርሃን፣ ከላይ ቀጥ ብላ፣ ክፍል በክፍል ደግማ ታንሳ። የአንዱ ፎቶ የመጨረሻ ሁለት መስመሮች በሚቀጥለው ላይ ይደገሙ። በመስመር መጨረሻ ላይ ያለች «ኖት» በፎቶ ጠርዝ ብትቆረጥም ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ይመስላል፤ የሚያሳጣን እርሱ ነው።

የሻርጃዋ፦
ነገ ጠዋት ደግማ ታነሳለች። መስመሩ ከተነበበ እዚሁ አስቀምጠዋለሁ፤ ስለ ኢንሹራንሱም ኩባንያውን በጽሑፍ እንድትጠይቅ እነግራታለሁ።