ኦረም ወይስ ሮይ? በአንዲት የስኳር ሕመምተኛ ላይ የተነሣ ክርክር

የማስተርስ ተማሪ፦ በነርሲንግ ንድፈ ሐሳብ ትንተና ወረቀቴ የዶሮቲያ ኦረምን ራስን የመንከባከብ ጉድለትና የካሊስታ ሮይን የመላመድ ንድፈ ሐሳብ እያነጻጸርኩ ነው። መጨረሻ ላይ አንዱ ይበልጣል ብዬ መፍረድ አለብኝ?

የጤና ጣቢያ ነርስ፦ ፍረጂ እንጂ! ሮይን ምረጪ። ኦረም ሁሉም ሰው ለብቻው ራሱን እንዲችል ትጠብቃለች። እኛ ዘንድ ግን በሽተኛ የሚታመመው ከነቤተሰቡ ነው።

የነርሲንግ መምህር፦ ሲስተር፣ ይህ ኦረምን ይበድላታል። ሌላውን የሚያስታምም ሰው በሥራዋ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። የቤተሰብ ሁኔታና ባህልም አቅምን ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ተቆጥረዋል። አንቺ ተማሪዋ ደግሞ፣ ከመፍረድሽ በፊት አንዲት በሽተኛ ለሁለቱም ስጫቸው። ኢንሱሊን የጀመረች እናት እንበል፤ መርፌውን በትክክል ትቀዳለች፣ ትወጋለች፣ የማታውን ግን ትዘላለች። ኦረምን ይዘሽ ስትሄጂ ሕክምናው የሚጠይቀውንና የእርሷን አቅም ታመዛዝኛለሽ። እጇ ያውቃል፤ ታዲያ ጉድለቱ የት ነው? በችኮላ «ትምህርት ያስፈልጋታል» ብለሽ ከጻፍሽ ተሳሳትሽ። ሮይን ይዘሽ ስትሄጂ በሽተኛዋ ልትላመደው የሚገባት ዋናው ቀስቃሽ ነገር ኢንሱሊኑ ነው፤ በዙሪያው ያለውንም ትጠይቂያለሽ። ያን ጊዜ ከተወጋች በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መብላት እንዳለባት፣ እርሷ ግን ባሏንና ልጆቿን አብልታ መጨረሻ ላይ እንደምትቀርብ ይወጣል። አንድ ማታ ስኳሯ ወርዶ ላብ አጥምቋት ስለተንቀጠቀጠች መርፌውን ፈርታዋለች።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ፦ እኔ ጋ ያሉት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ናቸው፤ ስለ እራት የሚነግረኝ የለም። ኦረም በሽተኛው የማይችለውን ነርሷ ትሠራለታለች ትላለች፤ እኔም ሁሉንም ስለምሠራላቸው እርሷ ትበቃኛለች። ለሥራ የሚቀለው የቱ እንደሆነ ብትጽፊ አይሻልም?

መምህር፦ ተማሪዋ የጠየቀችው ስለ ትንተና ነው፤ የሥራ ቅለት ከመመዘኛዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ደግሞም የደም ግፊቱና የልብ ምቱ የሚሰጡትን ምላሽ ስትከታተዪ ሮይ ሰው ይላመድባቸዋል ካለቻቸው አራት ዘርፎች አካላዊውን እየተጠቀምሽ ነው።

የጤና ጣቢያ ነርስ፦ መምህር፣ አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ኦረም ቤተሰብን ትቆጥራለች ካሉ፣ የእራቱ ነገር ለምን በሮይ በኩል ወጣ? ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ማስረዳት አንድ ነገር ነው፤ ነርሷን ወደ ጥያቄው መምራት ግን ሌላ ነው።

መምህር፦ ይህ ከባድ ነጥብ ነው፤ ከወረቀቱ ወገብ ላይ መግባት አለበት። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቢ፦ ምን አስጠየቀኝ? ምን አስዘለለኝ? ግን የሮይንም ድካም አትደብቂ። አራቱ ዘርፎቿ፣ ማለትም አካላዊው፣ ስለ ራስ ያለ አመለካከት፣ ሚናና እርስ በርስ መደጋገፍ፣ ይደራረባሉ፤ ሁለት ነርሶች አንዱን እውነታ በተለያየ ቦታ ሊመዘግቡት ይችላሉ።

ተማሪዋ፦ ታዲያ መጨረሻ ላይ መብላቷን የት ልመዝግበው?

የጤና ጣቢያ ነርስ፦ በሚና ዘርፍ፤ የእናትነት ድርሻዋ ነው።

መምህር፦ እኔ እርስ በርስ በመደጋገፍ ሥር አስገባዋለሁ፤ እንክብካቤ ትሰጣለች፣ የሚሰጣት ግን የለም።